አባቴን ጥቁርና ነጭ ያደረግኩበት ቀን

እኔ ችኩል ሰው ነኝ። እናቴ "አንቺ የተወለድሽው በሰባት ወርሽ ነው" እያለች ትቀልድብኝ ነበር፤ ቅጥፈቷን ነው፣ ዘጠኝ ወር ሞልቶኝ ነው የተወለድኩት። ይህን የማወራው ግን ለቀልድ አይደለም። በዚህ ችኮላዬ የተነሳ የአባቴን ፊት ከእናቴ ልቀማ ምንም ያህል አልቀረኝም ነበር።

ነገሩ የሆነው ሐዋሳን ባጃጅ በወረራት ዘመን ነው። ባህል አዳራሽ አካባቢ ባለች ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት እሠራ ነበር። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶኮፒ፣ አንድ ስካነር ነበረን። ደንበኞቻችን መታወቂያ፣ ዲፕሎማ፣ የልደት ካርድ ይዘው እየመጡ "ስካን አርገሽ በኢሜል ላኪልኝ" የሚሉ ነበሩ። ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር የሚመጣ ስለሆነ ፋይሉ ትንሽ ከከበደ ደንበኛው ሻይ ጠጥቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ተመልሶም ገና እየተላከ ያገኘዋል። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ጥርሴን ነክሼ፣ እግሬን እያወዛወዝኩ፣ መስመሩን እረግማለሁ።

የቤቱ ባለቤት የሆነው አለቃዬ ድሮ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት የነበረ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ስካነሩ ክዳን ላይ በፕላስተር አንድ ወረቀት ለጥፎ ነበር፦ ለኢሜል ሁለት መቶ፣ ለኅትመት ሦስት መቶ። ቁጥሩ ማሽኑ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ እንደሚያነብ ነው፤ ዲፒአይ የሚሉት። ነጥቡ በበዛ ቁጥር ምስሉ ይጠራል፣ ፋይሉም ይከብዳል። ለመታወቂያ ሁለት መቶ ከበቂም በላይ ነው፤ ስሙም ቁጥሩም ይነበባል። እኔም ከዚያ ወረቀት ውጪ ማሰብ አላስፈለገኝም ነበር፤ ማሰብ ጊዜ ይወስዳል።

አባቴ በድንገት ነው ያረፈው። ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ጋደም እንዳለ ቀረ። የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ከሰሜን ተዛውሮ መጥቶ ሐዋሳ ላይ የከተመ፣ ቆፍጣና፣ ሳቅ የማያበዛ ሰው። ፎቶ መነሣት አይወድም ነበር። የነበሩንም ጥቂት ፎቶዎች አንድ ክረምት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ተከራይተን ስንኖር ጣራው አፍስሶባቸው እርስ በርስ ተጣብቀው ቀሩ፤ ለማላቀቅ ስንሞክር ፊቱ ከወረቀቱ ጋር ተላጠ። የቀረን አንድ ብቻ ነበር፦ የመሥሪያ ቤት መታወቂያው ላይ የተለጠፈው፣ ሲቀጠር የተነሣው፣ ከክብሪት ቀፎ የምታንስ ጉርድ ፎቶ። በግራ ጉንጩ በኩል ሰማያዊ ማኅተም አርፎባታል።

ጡረታው ለእናቴ ይተላለፍ ሲባል መሥሪያ ቤቱ መታወቂያውን መልሱ አለ። ሕጉ ነው፤ የሟች መታወቂያ ከግል ማኅደሩ ጋር ይታሰራል። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛው ስታመነታ "እማዬ፣ ምን አስጨነቀሽ? እኔ ስካን አደርገዋለሁ" አልኳት። ቅጂው አዲስ አበባ ወዳለው ጡረታ ክፍልም በኢሜል መሄድ ነበረበት። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መሆኑ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ያን ቀን ሱቁ ጢም ብሎ ነበር። ተማሪዎች የምዝገባ ፎርም ያስሞላሉ፣ አንዱ ውል ያስጽፋል፣ አንዷ ኮፒ ትጠብቃለች። መታወቂያውን መስታወቱ ላይ ደፋሁት። ሁለት መቶ የሚለው እንደተለመደው ተሞልቷል። ከሥሩ ምርጫ አለ፦ ባለ ቀለም፣ ግሬይ ስኬል፣ ጥቁርና ነጭ። እኔ ምን አሰብኩ? የአባቴ ፎቶ የድሮ ፎቶ ነው፣ የድሮ ፎቶ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው። ታዲያ ምን ልመርጥ ኖሯል? ጥቁርና ነጭ አልኩ። ፋይሉም ሲቀልል ጊዜ ጎበዝ ነኝ አልኩ በልቤ።

ቅድመ ዕይታው ላይ አባቴ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ለካ እሱ ማሽኑ ለማሳየት ያህል የሚያነበው እንጂ የሚቀመጠው አይደለም። "ስካን" የሚለውን ተጫንኩ፣ ፒዲኤፍ አድርጌ አስቀመጥኩ፣ በአባቴ ስም ሰየምኩት፣ ላክሁ። ከፍቼ አላየሁትም። መታወቂያውን ለእናቴ መለስኩላት፤ እሷም በማግስቱ ወስዳ ለመሥሪያ ቤቱ አስረከበች።

ጡረታው ያለ ችግር ተፈቀደ፤ ስሙና ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይነበባል ማለት ነው። እናቴም ተጽናናች። ጎረቤት መጥቶ ስለ አባቴ ሲነሣ "ፎቷቸው ልጄ ጋ አለ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያሉት" ትል ነበር። እኔም አዎ እል ነበር።

ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ የእናቴ ዓይን ደከመ። ስኳር ነበረባት፤ የዓይኗን ውስጠኛ ክፍል ጎድቶታል አለ ሐኪሙ። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ለማቆየት ነው የምንሞክረው አለን። ሽሮና በርበሬን በማሽተት እንጂ በዓይን መለየት እያቃታት መጣ። ትልልቅ ነገር ታያለች፤ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ትለያለች፣ ቁጥሩን ግን አታነብም። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝና "ያንን የአባትሽን ፎቶ አሳድጊልኝ" አለችኝ። "የቀን መቁጠሪያውን ያክል አርጊልኝ። ዓይኔ ሙሉ ለሙሉ ሳይሄድ ልያቸው። ፊታቸው እየጠፋኝ ነው፤ ድምፃቸው አለ፣ ፊታቸው ግን አልመጣ አለኝ።"

"ነገውኑ" አልኳት።

በማግስቱ ደንበኛ ሳይመጣ ገብቼ ፋይሉን ከፈትኩ። ስሙ አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ የኃላፊው ፊርማ አለ። አባቴ ግን የለም። ፀጉሩ አንድ ጥቁር ቁራጭ፣ ግንባሩና አፍንጫው ባዶ ነጭ፣ በግራ ጉንጩ በኩል ማኅተሙ ጥቁር ሆኖ ዓይኑን ውጦታል። አሳደግኩት፤ ደረጃ የመሰለ አራት ማዕዘን ብቻ።

አለቃዬ ሲገባ ኮምፒውተሩ ፊት እያለቀስኩ አገኘኝ። አየና እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ማሽኑ "ጥቁርና ነጭ" ሲል የድሮ ፎቶ ማለቱ አይደለም፤ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ፣ መካከል የለም ማለቱ ነው። ለጽሑፍ የተሠራ ነው። የድሮ ፎቶ ግን ግራጫ ነው፤ ፊት የሚባለው ነገር ሁሉ ያለው እዚያ መካከል ላይ ነው። "ግራጫውን የሚያነበውን ግሬይ ስኬል እንኳ ብትመርጪ ኖሮ መልኩ ይተርፍ ነበር" አለኝ።

"ተርፎስ ማሳደግ ይቻል ነበር?"

እስክሪብቶ አነሣና ወረቀት ላይ አሰላልኝ። ፎቶው ሦስት በአራት ሴንቲሜትር ነው እንበል። በሁለት መቶ ሲነበብ በአግድም ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ነጥብ፣ በቁም ሦስት መቶ አሥራ አምስት ነው። እሱን ወስደሽ ሠላሳ በአርባ ካደረግሽው በአንድ ኢንች ሃያ ነጥብ ይደርሰዋል፤ ያኔ ፊት ሳይሆን ሰሌን ነው የምታዪው። ሁለት መቶ የሚበቃው ባለበት መጠን ለሚታይ ነገር ነው። ትንሽ ፎቶ ለማሳደግ ከሆነ ከመጀመሪያው ብዙ ነጥብ መልቀም አለብሽ።

"ክዳኑ ላይ ለምን አልጻፍከውም ታዲያ?" ብዬ ጮኽኩበት። በአለቃዬ ላይ። ደግነቱ አልተቆጣኝም። ጥፋቱ የኔ መሆኑን እሱም እኔም እናውቃለን።

ለእናቴ አልነገርኳትም። መብራት ጠፋ አልኳት፣ ቀለም አለቀ አልኳት፣ ማሽኑ ተበላሸ አልኳት። እሷ ማታ ማታ የቀን መቁጠሪያውን እያየች "አሁንም ይታየኛል፤ ቶሎ በይ እንጂ" ትለኛለች። ቶሎ በይ መባል ለኔ አዲስ ነገር ነበር። እንቅልፍ የሚባል ጠላኝ። ደንበኛ "ጥቁርና ነጭ ኮፒ" ባለ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ አለቃዬን አስፈቅጄ ወደ አባቴ መሥሪያ ቤት ሮጥኩ።

መዝገብ ቤቱን የሚጠብቁት ሽበት የጣለባቸው የአካባቢው ሰው ነበሩ። አባቴን ያውቁታል። ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጡኝና መደርደሪያዎቹ መካከል ገቡ። እኔ ባንኮኒውን በጣቴ እየቀጠቀጥኩ ቆየሁ። ማኅደሩ ጠፍቶ ቢሆንስ? አይጥ በልቶት ቢሆንስ? ተመልሰው ሲመጡ አቧራ በለበሰ ክር የታሰረ ማኅደር ይዘዋል። ከመጨረሻው ገጽ ጋር መታወቂያው በስቴፕል ተመትቷል። ብረቱ የመታው ግን ጠርዙን ነው፤ ፎቶውን አልነካውም።

"ጋሼ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ልውሰደው። ሱቃችን ቅርብ ነው፤ እንደወሰድኩ እመልሳለሁ።"

"አይሆንም ልጄ። ከዚህ ክፍል ወረቀት አይወጣም። ጌታ ምስክሬ ነው፣ ላንቺ ከፍቶኝ አይደለም። አባትሽም ቢኖር እንዲሁ ነበር የሚለኝ።"

ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ እንደገና ለመንኳቸው። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ ግን "ማሽኑን ማምጣት ትችያለሽ፤ ማሽን እንዳይገባ የሚል መመሪያ የለም" አሉኝ።

ዓርብ ዕለት መጣሁ። አለቃዬ ስካነሩንና አንዱን ኮምፒውተር ሰጥቶኝ፣ ባጃጅ ላይ ስካነሩን ጭኔ ላይ፣ ኮምፒውተሩን በእግሮቼ መካከል አድርጌ፣ በየጉድጓዱ "ወንድሜ ቀስ በል" እያልኩ። ባለ ባጃጁ በመስታወት አይቶኝ "እንቁላል ነው እንዴ?" አለኝ። ከመነሣቴ በፊት አለቃዬ ስካነሩን ገልብጦ ከሥሩ ያለችውን ቁልፍ ቆልፎልኝ ነበር፤ የሚያነበው ክፍል መንገድ ላይ እየተንገጫገጨ እንዳይሰበር የምትይዘው ናት። ስትደርሺ ክፈቺው ብሎኛል። ሞኒተሩን ከመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ተዋስኩ።

ገመዱን ሁሉ ሰካክቼ አስነሣሁት። ስካነሩ እንደ ወፍጮ ቋቋቋ አለና ሞኒተሩ ላይ የስህተት መልእክት መጣ። ነቅዬ ሰካሁ፤ ያው ነው። ሰዓቱን አየሁ፤ ዓርብ ነው፣ መሥሪያ ቤቱ አምስት ተኩል ላይ ለምሳ ይዘጋል፤ አምስት ሰዓት ሆኗል። ሰውዬው ከኋላዬ ቆመው "ወደ ሥር ምን አለበት?" ሲሉኝ ነው ቁልፏ ትዝ ያለችኝ። ገልብጬ ከፈትኩ፤ ማሽኑ ተስተካከለ። ችኩል ሰው እንዲህ ነው፣ ሰው እንኳ ሲመክረው ጆሮው ሩጫ ላይ ነው።

ሰውዬው ስቴፕሉን በጥንቃቄ ነቅለው፣ መታወቂያውን ከፕላስቲክ ሽፋኑ አውጥተው ሰጡኝ። ፕላስቲኩ ጭረት ስላለበት ብርሃኑን ያበላሸዋል። መስታወቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠረግኩ፣ መታወቂያውን ደፋሁ። ምርጫው መጣ። ባለ ቀለም አልኩ። ፎቶው ግራጫ ነው፣ ማኅተሙ ግን ሰማያዊ ነው፤ አለቃዬ እንደነገረኝ በቀለም ካነበብነው ምስሉ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ተብሎ በሦስት ይለያል፣ በሰማያዊው ብቻ ስናየው ሰማያዊ ቀለም ራሱ እየነጣ ይሳሳል። በግሬይ ስኬል ካነበብነው ግን ማኅተሙና ጉንጩ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይቀራሉ። ቁጥሩን ሺህ ሁለት መቶ አደረግኩ። ዝርዝሩ እስከ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ይሄዳል፤ ያ ግን ማሽኑ ከራሱ ፈጥሮ የሚጨምረው ነው፣ እውነት የሚያነበው ሺህ ሁለት መቶ ድረስ ነው። ከአባቴ ፊት ላይ ማሽን የፈጠረው ነገር አልፈልግም። ፎቶዋን ብቻ ከብቤ መረጥኩ። የሚቀመጥበትን የፋይል ዓይነት ቲፍ አልኩ። ጄፔግ ፋይሉን ለማሳነስ ከምስሉ ይሸራርፋል፤ አስተካክለው እንደገና ባስቀመጡት ቁጥር ደግሞ ይሸርፋል። ቲፍ ያለውን ይዞ ይቆያል።

ብርሃኗ በክዳኑ ሥር መሄድ ጀመረች። ሁለት መቶ ላይ ሽው ብላ የምታልፈው ብርሃን አሁን ቀንድ አውጣ ሆናለች። አንድ ጣት ያህል ለመሄድ ዘመን ፈጀች። መካከል ስትደርስ መብራት ድርግም አለ።

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውዬው በሩን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ። ሌሎቹ ሠራተኞች እየወጡ ነው። "ባለቤቴ ምሳ ትጠብቀኛለች" አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። "ትጠብቅ። አባትሽ እዚህ ቤት ለኔ ብዙ ጊዜ ቆይቷል።" አባቴ ለሰው ይቆይ እንደነበር አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ እኛ ነበርን እሱን የምንጠብቀው።

መብራቱ የመጣው ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። እንደገና ጀመርኩ። ብርሃኗ ስትጨርስ ምስሉን ከፍቼ በሙሉ መጠኑ፣ መቶ በመቶ አድርጌ አየሁት። ቅንድቡ ፀጉር በፀጉር ይለያል። ፋይሉን ሁለት ቦታ አስቀመጥኩ፣ በፍላሽም ያዝኩ። ሰውዬው መታወቂያውን መልሰው ማኅደሩ ላይ አሰሩት፣ በሩን ቆለፉ።

አለቃዬ ሰማያዊውን ብቻ ለይቶ ማኅተሙን አሳሳው፤ ከጉንጩ ላይ ጥላ ብቻ ቀረ። ያ ሁሉ ነጥብ ሠላሳ በአርባ ላይ ሲዘረጋ በኢንች መቶ ሃያ ይደርሰዋል፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ይበቃል። መናኸሪያ አጠገብ ያለው ፎቶ ቤት አተመልኝ። ጠቅልዬ፣ እንዳይታጠፍ በካርቶን ይዤ፣ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ባጃጅ አላመንኩም።

እናቴ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ነበረች። ከጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ አቀረበችው፣ አራቀችው። በዓይኗ ጠርዝ ስታይ ቆየች። አይታያትም፣ አርፍጃለሁ አልኩ በልቤ። ሁሉንም ልነግራት፣ ፎቶውን እንዳበላሸሁት፣ በሰበብ ስዋሻት እንደሰነበትኩ ልናዘዝ አፌን ከፈትኩ።

"ፈርቷል" አለች።

"ምን?"

"እይው ዓይኑን። ፈርቷል እኮ። ከንፈሩን እንዴት እንደነከሰ እይ።" ጣቷን ከወረቀቱ ላይ ሳታሳርፍ በአየር ላይ በአፉ ዙሪያ አዞረችው። እውነቷን ነው። በዚያች ትንሽ መጠን ሁላችንም ቁጣ ነው ስንል የኖርነው ነገር፣ ሲያድግ ገና ሥራ የያዘ፣ ካሜራ ፊት የተገተረ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ፍርሃት ሆነ።

እናቴ አባቴን "አንተ" ስትል ሰምቼ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት በትዳር ሲኖሩ እርስዎ ነበር የምትለው፤ ከሞተም በኋላ እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ፎቶውን ወደ ፊቷ አስጠጋችና ቀስ ብላ፣ እኔ መኖሬን የረሳች ይመስል፣

"አንተ ልጅ" አለችው። "እኔ እኮ አንተን ስፈራ ነው የኖርኩት። አንተም ትፈራ ነበር እንዴ?"

መልስ የምትጠብቅ ይመስል ጆሮዋን አዘነበለች። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቸኩል አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ እናቴ እስክትጠግበው ድረስም ሳልነሣ አመሸሁ።